ላች-አፕ፦ በሲሞስ ቺፕ ውስጥ ሳይፈለግ የሚነቃው ባለ አራት ንብርብር መዋቅር

ላች-አፕ በሲሞስ ቴክኖሎጂ በተሠራ ቺፕ ውስጥ የኃይል መስመሩና የግራውንድ መስመሩ በሲሊከኑ በኩል በድንገት ተገናኝተው ከፍተኛ ጅረት የሚያሳልፉበት ብልሽት ነው። ከተራ የመስመር ግንኙነት የሚለየው መንስኤው ከጠፋ በኋላም ጅረቱ የማይቆም መሆኑ ነው። በአንድ የቺፕ እግር ላይ ለቅጽበት የታየ የቮልቴጅ መዛባት ካስነሳው፣ የኃይል ምንጩ እስኪቋረጥ ድረስ ራሱን በራሱ ይዞ ይቀጥላል። ጅረቱን የሚገድብ ነገር ከሌለ በቺፑ ላይ ያሉት ቀጫጭን የብረት መስመሮች ይቀልጣሉ። ጅረቱ ከተገደበ ደግሞ ቺፑ ይሞቃል፣ ሥራውንም ያቆማል፤ ኃይሉ ጠፍቶ ሲበራ ግን ምንም እንዳልሆነ ሊሠራ ይችላል።

ችግሩ ከሲሞስ አሠራር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ፍራንክ ዋንላስ በ1963 እ.ኤ.አ. በፌርቻይልድ ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ተቃራኒ ዓይነት ትራንዚስተሮችን፣ ማለትም ኤንሞስንና ፒሞስን፣ አጣምሮ መጠቀም ነበር። ሁለቱን በአንድ ሲሊከን ላይ ለማኖር ግን አንደኛው የራሱ የሆነ ተቃራኒ ዓይነት የሲሊከን ክልል ያስፈልገዋል። ዛሬ በተለመደው አሠራር ዋናው ሲሊከን፣ ማለትም ሰብስትሬቱ፣ ጅረትን በአመዛኙ ሆል በሚባሉ አዎንታዊ ተሸካሚዎች የሚያሳልፈው ፒ ዓይነት ነው። ኤንሞሱ በቀጥታ በዚያ ላይ ይሠራል፤ ለፒሞሱ ደግሞ ኤን-ዌል የሚባል፣ ጅረትን በአመዛኙ በኤሌክትሮኖች የሚያሳልፍ ኤን ዓይነት ክልል ይዘጋጅለታል።

ከአንድ ኤንሞስና ከአንድ ፒሞስ የሚሠራው ቀላል ሰርኪዩት፣ ኢንቨርተር፣ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ ቢታይ ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። ከኃይል መስመሩ ጋር ከተያያዘው የፒሞስ ሶርስ እንነሳ፤ እሱ ፒ ነው። ከሥሩ ኤን-ዌሉ አለ፤ ቀጥሎ ፒ የሆነው ሰብስትሬት፣ በመጨረሻም ከግራውንድ ጋር የተያያዘው የኤንሞስ ሶርስ፣ እሱም ኤን። ፒ-ኤን-ፒ-ኤን የሚለው ይህ ቅደም ተከተል ታይሪስተር በሚባለው የኃይል ማብሪያ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚሠራው መዋቅር ነው። እዚህ ግን ማንም አልሳለውም። በሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለት ሞስ ትራንዚስተሮች ብቻ ሲሆኑ፣ ባለ አራት ንብርብሩ መንገድ ከሥራቸው በሲሊከኑ ውስጥ ተኝቷል።

መዋቅሩ እንዴት እንደሚነቃ ለመረዳት እንደ ሁለት ባይፖላር ትራንዚስተሮች መመልከት ይቀላል። የመጀመሪያው ከላይ ወደ ታች የሚሠራ ፒኤንፒ ነው፤ ኤሚተሩ የፒሞሱ ሶርስ፣ ቤዙ ኤን-ዌሉ፣ ኮሌክተሩ ሰብስትሬቱ ነው። ሁለተኛው ወደ ጎን የሚሠራ ኤንፒኤን ነው፤ ኤሚተሩ የኤንሞሱ ሶርስ፣ ቤዙ ሰብስትሬቱ፣ ኮሌክተሩ ኤን-ዌሉ ነው። የአንዱ ኮሌክተር የሌላው ቤዝ መሆኑን ልብ ይሏል። ኤን-ዌሉ ታፕ በሚባል መገናኛ ከኃይል መስመሩ ጋር፣ ሰብስትሬቱም በራሱ ታፕ ከግራውንድ ጋር ይያያዛል። ሲሊከኑ ግን ብረት አይደለም፤ ከታፑ እስከ ትራንዚስተሩ ያለው ርቀት ሬዚስታንስ ነው።

በሰላሙ ጊዜ በእነዚህ ሬዚስታንሶች ውስጥ ጅረት ስለማያልፍ ሁለቱም ባይፖላሮች ዝግ ናቸው። አንዳች ጅረት በኤን-ዌሉ ውስጥ ወደ ታፑ ሲፈስ ግን የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ይህ ልዩነት ወደ 0.6 ቮልት ሲደርስ ፒኤንፒው ይከፈትና በሰብስትሬቱ ውስጥ ሆሎችን ያፈሳል። ሆሎቹ ወደ ሰብስትሬቱ ታፕ ሲጓዙ እነሱም በተራቸው የቮልቴጅ ልዩነት ፈጥረው ኤንፒኤኑን ይከፍታሉ። የኤንፒኤኑ ጅረት ደግሞ ከኤን-ዌሉ የሚሳብ ስለሆነ የፒኤንፒውን መከፈት ያጠናክራል፤ ዑደቱ ተዘጋ ማለት ነው። ራሱን ለመያዝ የሁለቱ ማጉያ መጠን ብዜት ከአንድ መብለጥ አለበት፤ β₁ × β₂ > 1። ሬዚስታንሶቹ ከጅረቱ ድርሻቸውን ስለሚወስዱ በተግባር የሚያስፈልገው ከዚህም የበለጠ ነው።

ዑደቱ ከተዘጋ በኋላ በመዋቅሩ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ቮልት ይጠጋል። የመያዣ ቮልቴጅ የሚባለው ይህ ነው፤ ቺፑ የሚሠራበት ቮልቴጅ ከዚህ ካነሰ ላች-አፕ ቢጀምር እንኳ ሊቀጥል አይችልም። ከአንድ ቮልት በታች የሚሠራው የዘመናዊ ቺፖች ውስጣዊ ክፍል በዚህ ምክንያት በአመዛኙ ከሥጋት ይርቃል። በ1.8 ወይም በ3.3 ቮልት የሚሠሩት የመግቢያና የመውጫ ክፍሎች ግን ይህ ዕድል የላቸውም፤ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙትም እነሱው ናቸው።

አስነሺው ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ከዚያው ከእግሮቹ ነው። በረጅም ገመድ ላይ የሚንጸባረቅ ምልክት የአንድን መውጫ ቮልቴጅ ለጥቂት ናኖ ሰከንዶች ከግራውንድ በታች ወደ አሉታዊ 1 ቮልት ሊያወርደው ይችላል። መሣሪያው በርቶ ሳለ ሶኬት ሲሰካ ምልክቱ ከኃይሉ ቀድሞ መድረሱም የታወቀ መንስኤ ነው። በጠፈር ላይ ደግሞ አንድ ከባድ አዮን በሲሊከኑ ውስጥ ሲያልፍ ትቶት የሚሄደው ኤሌክትሪክ ብቻውን በቂ ነው።

የቺፑን ንድፍ የሚሥለው ባለሙያ ከአስነሺዎቹ አብዛኞቹን መከልከል አይችልም። በእጁ ያለው ዋናው ነገር ርቀት ነው። በቀላል ስሌት እንየው። የኤን-ዌሉ ሬዚስታንስ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ለሆነ አንድ ካሬ 1000 ኦም ነው እንበል። ዌሉ 3 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ሰቅ ሆኖ ታፑ ከፒሞሱ 60 ማይክሮሜትር ቢርቅ፣ በመካከል 20 ካሬዎች ይኖራሉ፤ ሬዚስታንሱም 20 ኪሎኦም ይሆናል። 0.6 ቮልት ለመፍጠር 30 ማይክሮአምፒር ብቻ ይበቃል። ታፑን ወደ 6 ማይክሮሜትር ብናቀርበው ግን ካሬዎቹ ሁለት፣ ሬዚስታንሱ 2 ኪሎኦም፣ የሚያስፈልገውም ጅረት 300 ማይክሮአምፒር ይሆናል። አንዲት ትንሽ መገናኛ በማስጠጋት ብቻ አሥር እጥፍ ጥንካሬ ተገኘ።

ይህ ስሌት በክፍል ሙቀት ነው። ትራንዚስተሩን የሚከፍተው ቮልቴጅ በየአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። በ125 ዲግሪ ወደ 0.4 ቮልት ስለሚወርድ የመጀመሪያው ንድፍ 20 ማይክሮአምፒር ብቻ ይበቃዋል። የሲሊከኑ ሬዚስታንስና የባይፖላሮቹ የማጉላት ኃይልም ከሙቀት ጋር ስለሚጨምሩ እውነተኛው ሁኔታ ከዚህም ይከፋል። በጠረጴዛ ላይ በቀዝቃዛ አየር የተፈተነ ቺፕ አለፈ ብሎ መተማመን አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቺፕ ፋብሪካዎች ይህን ርቀት በንድፍ ሕጎቻቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ለማንም ክፍት በሆነው የስካይወተር የ130 ናኖሜትር ሕግ መሠረት ማንኛውም የፒሞስ ክፍል ከኤን-ዌል ታፕ፣ ማንኛውም የኤንሞስ ክፍልም ከሰብስትሬት ታፕ ከ15 ማይክሮሜትር በላይ መራቅ የለበትም። ማጂክ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚሥል ሰው ሕጉን ሲጥስ የሚያየው መልእክት ይህ ነው፦

```
P-diff distance to N-tap must be < 15.0um (LU.3)
```

በዚሁ ቴክኖሎጂ ዲጂታል ሴሎቹ፣ ማለትም በረድፍ የሚደረደሩት ዝግጁ የሎጂክ ሰርኪዩቶች፣ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የራሳቸው ታፕ የላቸውም። በየረድፉ መካከል `sky130_fd_sc_hd__tapvpwrvgnd_1` የሚባል፣ ታፕ ብቻ የያዘ ሴል በተወሰነ ርቀት ይገባል። አንድ ታፕ በግራም በቀኝም እስከ 15 ማይክሮሜትር ስለሚሸፍን፣ በአንድ ረድፍ በሁለት ታፖች መካከል የሚኖረው ክፍተት ከ30 ማይክሮሜትር እንዲያንስ ይደረጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ርቀትን የሚለካ ፍተሻ ታፑ ከኃይል መስመሩ ጋር በምን ዓይነት ብረት እንደተያያዘ አይጠይቅም። ታፑ ቅርብ ሆኖ በረጅምና በቀጭን መስመር የተያያዘ ከሆነ፣ ከሲሊከኑ የተቀነሰው ሬዚስታንስ በከፊል በብረቱ ተመልሶ ይመጣል።

በመግቢያና መውጫ እግሮች አካባቢ ታፕ ብቻውን አይበቃም፤ የጥበቃ ቀለበቶች ያስፈልጋሉ። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሥራቸውም ፈጽሞ የተለያየ ነው። የአንድ መውጫ ቮልቴጅ ከግራውንድ በታች ሲወርድ የኤንሞሱ ድሬን ኤሌክትሮኖችን ወደ ሰብስትሬቱ ይረጫል። ኤሌክትሮኖቹ በሰብስትሬቱ ውስጥ ተበትነው ያገኙት ኤን-ዌል ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያም ወደ ታፑ ሲፈሱ የዚያን ዌል ፒኤንፒ ይከፍታሉ። በኤንሞሱ ዙሪያ የሚሣል ከግራውንድ ጋር የተያያዘ የፒ ቀለበት እነዚህን ኤሌክትሮኖች አይሰበስብም። ጥቅሙ የሰብስትሬቱን ሬዚስታንስ መቀነስና የሚመጡትን ሆሎች ወደ ግራውንድ መውሰድ ነው። ኤሌክትሮኖቹን የሚይዘው ከኃይል መስመሩ ጋር የተያያዘ የኤን-ዌል ቀለበት ነው፤ ጥልቅ ስለሆነ በመንገዳቸው ላይ ቆሞ ይሰበስባቸዋል። በጥሩ ንድፍ ሁለቱም ይኖራሉ፤ ዙሪያቸውንም ሳይቋረጡ በመገናኛዎች የተሞሉ ናቸው። የሚሰበስበው ቀለበት ወደ ኃይል መስመሩ የራሱ ሰፊ መንገድ ቢኖረው ይመረጣል፤ ካልሆነ የሰበሰበው ጅረት የጎረቤቱን ዌል ቮልቴጅ ያዛባል።

ቀለበቱም ቢሆን ገደብ አለው። ወደ ጥልቀት የወረዱ ኤሌክትሮኖች ከሥሩ አልፈው ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት በመውጫው ላይ ያሉትን ኤንሞስና ፒሞስ ማራራቅ አሁንም የማይተካ መፍትሔ ነው፤ የኤንፒኤኑ ቤዝ በረዘመ ቁጥር የማጉላት ኃይሉ ይወድቃል። ቦታ ስለሚበላ ግን በእግሮቹ አካባቢ ብቻ ይደረጋል። ከፋብሪካው በኩል ደግሞ ጅረት በቀላሉ እንዲያሳልፍ ባዕድ አቶሞች በብዛት በተጨመሩበት ፒ ሲሊከን ላይ ቀጭን ንጹሕ ንብርብር ማሳደግ የሰብስትሬቱን ሬዚስታንስ በእጅጉ ይቀንሳል። ትራንዚስተሮቹን በኦክሳይድ ላይ የሚሠራው ኤስኦአይ የተባለው ቴክኖሎጂ ባለ አራት ንብርብሩን መንገድ ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

ቺፑ ተሠርቶ ሲመጣ የሴሚኮንዳክተር ኢንዱስትሪ መለኪያዎችን በሚያወጣው በጄዴክ መለኪያ፣ በጄኢኤስዲ 78፣ ይፈተናል። ቺፑ በሙሉ ቮልቴጁ ላይ ሆኖ በየእግሩ ብዙውን ጊዜ 100 ሚሊአምፒር የሆነ ጅረት በአዎንታዊም በአሉታዊም አቅጣጫ ይላክበታል፤ የኃይል ቮልቴጁም ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው ከፍ ይደረጋል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የሚታየው የኃይል ጅረቱ ወደ ቀድሞው መመለሱ ነው። ከፍ ብሎ ከቀረ ላች-አፕ ተከስቷል። ቦታውን ለማግኘት ጅረቱ በገደብ ተይዞ ቺፑ በኢንፍራሬድ ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ክፍት የሆነው መዋቅር ብርሃን ያወጣልና። የሚበራው ቦታ ብዙ ጊዜ ምቱ የተላከበት እግር ሥር ላይሆን ይችላል፤ ኤሌክትሮኖቹ ተጉዘው ያገኙት፣ ታፑ የራቀ ሌላ ዌል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መርማሪው ከእግሩ ይልቅ የበራውን ዌል ንድፍ ከፍቶ ከታፑ ያለውን ርቀት ይለካል።