የአደጋ ትዝታ ለምን ተመልሶ ይመጣል? ሽሽትስ ፍርሃቱን ለምን ያቆየዋል?

ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ሞትን ፊት ለፊት ካሳየ ነገር በኋላ የሚከተል የአእምሮ ሕመም ነው። ከመኪና አደጋ፣ ከጦርነት፣ ከድብደባ ወይም ከመደፈር በኋላ ሊመጣ ይችላል። በአደጋው ሰሞን መባነንና እንቅልፍ ማጣት በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ አብዛኛው ሰውም በጊዜ ይሻለዋል። ሕመም የሚባለው ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲቆዩና ኑሮን ሲያውኩ ነው። ከሚያስቸግሩት ምልክቶች አንዱ ትዝታው ሳይጠሩት መምጣቱ ነው።

አዳማ ላይ ለሚኖር ሰው ቅርቡ ምሳሌ የመንገድ አደጋ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ ስለሆነች ከባድ መኪና አይጠፋባትም። አንዲት ነጋዴ ከሞጆ በሚኒባስ ስትመለስ መሸባት እንበል። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ ገባ። መብራቱ ዓይኗን አጭበረበረው፣ ጥሩምባው ጮኸ፣ ከዚያ ተጋጩ። እሷ እጇ ተሰብሮ ተረፈች። አጠገቧ የነበረው ተሳፋሪ ግን ሞተ።

ከሦስት ወር በኋላ የእጇ ስብራት ድኗል። የከባድ መኪና ጥሩምባ ስትሰማ ግን አሁንም ላብ ያጠምቃታል፤ ያ መብራት ፊቷ ላይ ድቅን ይላል። ልብ በሉ፣ የሚመጣባት ግጭቱ ሳይሆን ከግጭቱ በፊት ያየችውና የሰማችው ነው። አንኬ ኤለርስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ይህን በብዙ ታካሚዎች ላይ አይተዋል። እንደነሱ ማብራሪያ፣ አእምሮ ከአደጋው ቀድሞ የነበረውን ነገር ሁሉ የማስጠንቀቂያ ምልክት አድርጎ ይይዘዋል። ምልክቱ ሲመጣ አደጋውም ተከትሎ የሚመጣ ይመስለዋል።

ትዝታው «አሁን» የሚመስለውስ ለምንድን ነው? በብርቱ ድንጋጤ ጊዜ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ድምፅን፣ ብርሃንንና ሽታን ከፍርሃት ጋር አጥብቆ ያስተሳስራል። ለትዝታ ጊዜና ቦታ የሚሰጠው ሂፖካምፐስ ግን በዚያ ሰዓት ሥራውን በደንብ አይሠራም። ብዙ ባለሙያዎች እንደሚሉት ስሜቱ በኃይል ይቀረጻል፣ «ይህ ያኔ ሆኖ ያለፈ ነው» የሚለው ክፍል ግን ይጎድለዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ፍርሃቱ ቀስ በቀስ በረገበ ነበር። ሴትየዋ በየቀኑ ስንት ጥሩምባ ትሰማለች? አንዱም ግጭት አላመጣም። እዚህ ላይ ነው ሽሽት የሚገባው። መጀመሪያ ሚኒባስ ተወች፣ በባጃጅ መሄድ ጀመረች። ቀጥሎ ዋናውን አስፋልት የሚነካ ባጃጅ እንቢ አለች። አሁን ሱቋን ሳይመሽ ከ11 ሰዓት በፊት ትዘጋለች። በሸሸች ቁጥር እፎይ ትላለች፤ ያ እፎይታ ደግሞ ለሽሽቱ የተከፈለ ሽልማት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦርቫል ሞውረር በ1947 (እ.ኤ.አ.) ያስረዱት ይህንኑ ነው፦ ፍርሃቱን አደጋው ያስተምራል፣ እፎይታው ያቆየዋል። አእምሮዋ «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይደመድማል። ተሳስቶ እንደሆነ የሚያይበት ዕድል አያገኝም።

ሐሳብን መሸሽም እንዲሁ ነው። ዘመድ ወዳጅ በቅንነት «እርሺው፣ አታንሺው» ይላታል። ግን ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር በ1987 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሙከራ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የተነገራቸው ሰዎች ድቡን ማባረር አልቻሉም፤ ክልከላው ሲነሳ ደግሞ ባሰባቸው። የተደበቀ ሽሽትም አለ። ሚኒባስ ተሳፍራ ዓይኗን ጨፍና ወይም የፊቱን ወንበር ጨምድዳ የምትሄድ ሴት ሸሽታለች ማለት ነው፤ በሰላም የደረሰችው በመጨምደዷ ይመስላታል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤድና ፎአ ያዳበሩት ሕክምና ይህን ሽሽት ይቀለብሳል። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል። ታካሚዋ የምትፈራቸውን ነገሮች ከ0 እስከ 100 ነጥብ እየሰጠች በቅደም ተከተል ትጽፋለች። የቆመ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ 40፣ በቀን እስከ ሞጆ መሄድ 70፣ በማታ መመለስ 95 ሊሆን ይችላል። ከቀላሉ ትጀምራለች። ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ ወርዳ ከሄደች ትምህርቱ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ መውረዷ ያዳናት ይመስላታል። ስለዚህ ትቆያለች። ከባለሙያው ጋር ሆና ደግሞ አደጋውን ዓይኗን ጨፍና፣ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ ትተርካለች፤ ቅጂውንም ቤቷ ታዳምጣለች። ሲደጋገም ታሪኩ መጀመሪያና መጨረሻ ያገኛል።

አሮጌው ትዝታ ግን አይፋቅም። ከጎኑ አዲስ ትምህርት ይቀመጣል እንጂ። ሩሲያዊው ተመራማሪ ፓቭሎቭ በውሾቻቸው ላይ እንዳዩት፣ በልምምድ የጠፋ የመሰለ ምላሽ ከእረፍት በኋላ ሊመለስ ይችላል። መናኸሪያው አካባቢ በቀን ብቻ የተለማመደች ሴት ማታ ሞጆ መውጫ ላይ ፍርሃቱ ድንገት ሊመጣባት ይችላል። ይህ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ልምምዱ በተለያየ ቦታና ሰዓት መደረግ አለበት ማለት ነው።

ደግሞ ሽሽት ሁሉ ሕመም አይደለም። አንዲትን ሴት የሚደበድባት ሰው ዛሬም ከእሷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ካለ ፍርሃቷ ስለ አሁኑ እውነቱን እየነገራት ነው። እንዲህ ላለች ሴት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ከዚያ ቤት የምትወጣበት መንገድ ነው።