ሰዓት ሲጣበብ እርምጃ መምረጥ፦ የጅማ ቼስ ተጫዋቾች ልማድ

ሰዓት ሲጣበብ እርምጃ መምረጥ ማለት በተወሳሰበ የቼስ አቋም ላይ ፍጹም የሆነውን እርምጃ ትቶ በቀሩት ሰከንዶች ሳይሳሳቱ ሊጫወቱት የሚቻለውን መውሰድ ነው። በአማርኛ ስለዚህ ነገር ተሰብስቦ የተጻፈ ብዙ ስለሌለ፣ ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የቆመው በዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግና ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና እየጠጣን ከተጫወትናቸው ጨዋታዎች በተያዙ ማስታወሻዎች ላይ ነው።

በአገራችን ባህላዊ ቼስ፣ በሰንጠረዥ፣ ሰዓት አልነበረም። ፍጥነት ግን ነበረ፤ በመክፈቻው ወረራ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው።

በዛሬው ቼስ ሁለት ዓይነት ሰዓት መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በየእርምጃው ሰከንድ የሚጨምር ነው፤ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1992 ከቀድሞ ተቀናቃኙ ከስፓስኪ ጋር በድጋሚ ሲገናኝ የተጠቀመበት ሐሳብ ይህ ነው። 30 ሰከንድ የሚጨመርለት ሰው ምንም ቢቸኩል ለአንድ እርምጃ ማሰቢያ አያጣም። ሁለተኛው ጭማሪ የሌለው ነው። እኛ ጅማ ብዙውን ጊዜ የተጫወትነው በዚህኛው ስለሆነ የሚከተለው ሁሉ እሱን ይመለከታል።

አንዱን አቋም በዝርዝር እንየው። ነጭ ንጉሡ g1፣ ንግሥቱ e2፣ ግንቡ c1 ላይ ናቸው፤ ወታደሮቹ a4፣ f2፣ g2 እና h2 ላይ። ጥቁር ንጉሡ g8፣ ንግሥቱ d5፣ ፈረሱ e4 ላይ ናቸው፤ ወታደሮቹ f5፣ g7 እና h7 ላይ። ተራው የነጭ ነው፤ 40 ሰከንድ ቀርቶታል። በፈረስ ፋንታ ግንብ አለው፣ አንድ ወታደርም ይበልጣል። የሚያስፈራው የጥቁር ንግሥትና ፈረስ አብረው መቆማቸው ነው።

ዓይን መጀመሪያ የሚያየው ጥቃቱን ነው። ግንቡ c8 ላይ ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ወደ f7 ይወጣል። ንግሥቲቱ h5 ላይ ቼክ ትላለች፣ ጥቁር ወታደሩን g6 ላይ አድርጎ ይጋርዳል። ንግሥቲቱ h7 ላይ ያለውን ወታደር በቼክ ትበላለች፣ ንጉሡ f6 ላይ ይቆማል። ሦስት ቼክ፣ አንድ ወታደር ተበልቶ፤ ደስ ይላል። ግን ንግሥቲቱ e2 እና h5 ላይ ሳለች d1ን ትጠብቅ ነበር፤ h7 ስትገባ ጥበቃው ተቋረጠ። ግንቡም c8 ላይ ነው። አሁን ነጭ ቼክ መስጠቱን አቁሞ አንዲት ተራ እርምጃ ቢጫወት፣ የጥቁር ንግሥት d1 ላይ ወርዳ በነጭ የራሱ ወታደሮች የታጠረውን ንጉሥ ማት ታደርገዋለች። ቼኩን ደግሞ መቀጠል የሚቻለው ንጉሡ በየት በየት እንደሚሸሽ ከቆጠሩ ነው፤ ለዚያ ጊዜ የለም።

ሌላው እርምጃ ንግሥቲቱን c4 ላይ ማስቀመጥ ነው። የጥቁር ንግሥት ከኋላዋ ንጉሡ ስላለ ከመስመሩ መውጣት አትችልም፤ ጠባቂም የላትም። ስለዚህ c4 ላይ ትበላለች፣ ግንቡም መልሶ ይበላል። በማት ታስፈራራ የነበረችው ንግሥት ከሰሌዳው ወጣች። ከዚያ በኋላ ነጭ እያሰበ መጫወት አያስፈልገውም፦ ወታደሩን a5 ይገፋል፣ ግንቡን a4 ላይ ከኋላው ያቆማል፣ ይገፋል። ፈረሱ c8 ደርሶ a7ን ቢጠብቅና ራሱን ሰውቶ ወታደሩን ቢበላ እንኳ፣ ነጭ ግንብና ሦስት ወታደር ለሦስት ወታደር ይቀረዋል። እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ወንድም የሚባል ተጫዋቻችን፣ «ንግሥት ስትወጣ ሰዓት ይረዝማል» ይል ነበር፤ እጁ c4ን ነክቶ ሰዓቱን በዚያው እጅ ሲመታ ቁጥሩ 31 ላይ ነበር። ሕጉም በተንቀሳቀሰው እጅ መምታትን ያዛል። በሌላ እጅ መምታት ሰከንድ ሊያተርፍ ይመስላል፣ ግን ዳኛ ካየ ያስቀጣል።

ቀላሉን መምረጥ ሁልጊዜ ትክክል ነው ወይ የሚለው ላይ ጅማም አንስማማም። እየተሸነፈ ላለ ሰው ግን ነገሩ እንደሚገለበጥ የሚጠራጠር አላየሁም፦ ንግሥቲቱን ይዞ መቆየትና ተቃዋሚውም እንዲያስብ ማድረግ ይሻላል፣ በተለይ የእሱም ሰዓት እያለቀ ከሆነ። አንዳንዶች እኩል አቋም ላይም እንዲሁ ይላሉ፤ እኔ ግን ከ20 ሰከንድ በታች ቀላሉን እመርጣለሁ።

ሰዓቱ የሚያልቅበት ተጫዋች በአቋም ቢበልጥም እንደ ተሸናፊ ይቆጠራል። እኩል የሚሆነው ተቃዋሚው በምንም ዓይነት ሕጋዊ እርምጃ ማት ማድረግ የማይችል ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ባዶ ንጉሥ ብቻ ሲቀረው። ከላይ ባለው አቋም ጥቁር ወታደሮች እስካሉት ድረስ የነጭ ሰዓት ካለቀ ጨዋታው የጥቁር ነው። ስለዚህ ነጭ a7 ላይ ፈረሱን ከበላ በኋላ ንጉሡን ወደ መሐል ከማምጣት ይልቅ፣ ሰከንድ ካጠረው በግንቡ የጥቁርን ወታደሮች አንድ በአንድ መልቀም ይጀምራል።