ስናፕቻት ዲስሞርፊያ ምንድን ነው?

ሳሮን እንበላት። 16 ዓመቷ ነው። ሰልፊዋን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለቅና «ከ10 ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ትላለች። ያለ ፊልተር የለቀቀችው 6 አመጣ፣ በፊልተር የተነሳችው 9። ከዚያ ወዲያ ያለ ፊልተር መነሳት ቀረ። ከወራት በኋላ መስታወት ፊት ቆማ «ማሚ፣ አፍንጫዬ ድሮም እንዲህ ሰፊ ነበር እንዴ?» አለች።

ስናፕቻት ዲስሞርፊያ የሚባለው ይሄ ነው። ሰው ራሱን ከተዋናይ ጋር ሳይሆን ፊልተር ካሳመረው የራሱ ፊት ጋር እያወዳደረ የገዛ መልኩ ሲያስጠላው ማለት ነው። ስያሜውን ያወጣው በወቅቱ በብሪታንያ የውበት ሐኪም የነበረ ቲጂዮን ኤሾ የሚባል ሰው ነው። ድሮ ደንበኞቹ የታዋቂ ሰው ፎቶ ይዘው ይመጡ ነበር። ኋላ ላይ የራሳቸውን ሰልፊ እያሳዩ «እንዲህ አድርገኝ» ማለት ጀመሩ።

ፊልተሩ መጀመሪያ የዓይን ጥግን፣ የአፍንጫ ጫፍን፣ የከንፈር ዳርን ይለይና ፊት ላይ የነጥቦች መረብ ይዘረጋል። ከዚያ መረቡን ይስበዋል። አፍንጫ ይጠባል፣ አገጭ ይሾላል፣ ዓይን ይተልቃል። ስትስቅ አብሮ ይስቃል፤ ስትዞር አብሮ ይዞራል። ቀን በቀን ሲያዩት ዓይን የሚለምደው ለዚህ ነው። ከለመደ በኋላ እንግዳ የሚሆነው እውነተኛው ፊት ነው።

የሚገርመው ግን ፊልተሩ የሚያርመውን «ጉድለት» በከፊል የፈጠረው ካሜራው ራሱ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት ይህን በስሌት አሳይቷል። ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት የተነሳ ፊት ላይ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል። ለካሜራው ከጉንጭና ከጆሮ ይልቅ አፍንጫ ስለሚቀርብ ነው።

የሳሮን የአጎቷ ልጅ ይህን አሳየቻት። ስልኩን ሁለት ሜትር ያህል አርቃ በኋለኛው ካሜራ አነሳቻት። ከክንድ ርቀት የተነሳችውንና በፊልተር የተነሳችውንም ጎን ለጎን አደረገችላት። በሦስቱም ላይ ፊቱ እኩል እንዲሆን አስተካክለው የአፍንጫውን ስፋት በማስመሪያ ለኩ። ከክንድ ርቀት የተነሳው ሰፋ፤ የፊልተሩ ከሁሉም ጠበበ። ከሩቅ የተነሳው መሃል ላይ ሆነ። ሳሮን ለወራት 6 እና 9 ስታስሰጥ የኖረችው ለሁለት ፊቶች ነበር፤ አንዱም በትክክል የሷ አይደለም።

ይሄ ልኬት ግር ላላት ልጅ ይበቃ ይሆናል። ለሁሉም ግን አይበቃም። ስናፕቻት ዲስሞርፊያ ራሱን የቻለ የበሽታ ስም አይደለም፤ በሕክምና የሚታወቀው፣ በመልክ ጉድለት ሐሳብ የመጠመድ ሕመም ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር ይባላል። ልጅቷ በየቀኑ ረጅም ሰዓት ስለ አንድ የፊቷ ክፍል የምታብሰለስል፣ ከመስታወት ፊት የማትጠፋ ወይም ጭራሽ መስታወት የምትሸሽ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት የጀመረች ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ መሄድ አለባት። የውበት ቀዶ ሕክምና ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ አይፈይድም፤ አፍንጫው ቢስተካከልም ጭንቀቱ ወደ አገጭ ሊዞር ይችላል።