ከሥራ ቃለ መጠይቅ በኋላ የሚላክ የምስጋና ደብዳቤ

ከሥራ ቃለ መጠይቅ በኋላ የምስጋና ደብዳቤ መላክ በተለይ በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። ድሮ ካርድ ላይ በእጅ ተጽፎ በፖስታ ይሄድ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ኢሜይል ነው። ቃለ መጠይቁ ካለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ይላካል፤ ከ150 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። ስሙ የምስጋና ይባል እንጂ ምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረው ቦታ የሚውለው አመልካቹ ለሥራው እንደሚመጥን ለማስታወስና በንግግሩ መሃል የተዘለለ አንድ ነገር ለመጨመር ነው።

ከአገር ቤት ለሄደ ሰው ነገሩ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ደጅ መጥናት ይመስላል። «ካለቀ በኋላ ደግሞ ምን ልላቸው ነው?» የሚል ብዙ ነው። ልዩነቱ ያለው ይዘቱ ላይ ነው። «እባካችሁ አስቡኝ» የሚል ደብዳቤ እውነትም ልመና ነው። ጠያቂው ያነሳውን ችግር ይዞ የሚመለስ ደብዳቤ ግን ሥራ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ለአንድ ክሊኒክ ተወዳደረች እንበል። የክሊኒኩ ኃላፊ በጨዋታ መሃል «የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት 12 ቀን ይፈጅብናል» አለቻት። ቀጥላም ስለ ውጭ ኦዲት ጠየቀቻት። ልጅቷ «አዎ፣ በየዓመቱ ኦዲት እንደረግ ነበር» ብላ አለፈችው። አውቶቡስ ውስጥ ስትቀመጥ ነው ትዝ ያላት፤ ለኦዲተሮቹ ሰነዱን ስታሰናዳ የኖረችው ራሷ ናት! ማታ የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፦

«ዛሬ ለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ወሩን ለመዝጋት 12 ቀን እንደሚፈጅባችሁ ሲነግሩኝ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ትዝ አለኝ። እዚያ የባንክ ማስታረቂያውን ወር እስኪያልቅ ሳልጠብቅ በየሳምንቱ መሥራት ስጀምር፣ መዝጊያው ከ10 ቀን ወደ 6 ወረደ። ስለ ኦዲት ሲጠይቁኝ ደግሞ አሳጥሬ መለስኩ። ለሁለት ዓመት ኦዲተሮቹ የሚፈልጉትን ሰነድ አሰባስቤ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። የምጠቀምበትን የሰነድ ዝርዝር ማየት ከፈለጉ እልክልዎታለሁ።»

12 ቀን የሚለውን ከክፍሉ ውጭ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ደብዳቤው ለሌላ ቀጣሪ ሊላክ አይችልም፤ ኃላፊዋም ይህን ወዲያው ታያለች። የተጨመረው ነጥብ ደግሞ አዲስ ወሬ አይደለም፤ ተጠይቆ ሳይመለስ የቀረ ነው። «ይቅርታ፣ ረስቼው ነው» እያለችም አልተንበረከከችም። ዝርዝሩን ሳትጠየቅ አላያያዘችም፤ በዚያ ላይ የቀድሞ ቀጣሪዋን ቁጥሮች የያዘ ወረቀት መላክ ራሱ ያስጠረጥራል።

የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ይሁን የሚባለው በምክንያት ነው። ሦስት አራት ነገር ሲደረደር ደብዳቤው «ቃለ መጠይቁ አልሆነልኝም» የሚል ኑዛዜ ይሆናል። ምርጫ ካስፈለገ፣ ጠያቂው ደጋግሞ የመጣበትን ጉዳይ የሚነካው ይቀድማል። በስህተት የተነገረ መረጃ ካለ ግን፣ ለምሳሌ የሌለ ፈቃድ ወይም የተሳሳተ ዓመት፣ ከሁሉም በፊት እሱ ይታረማል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ጠያቂዎቹ ሦስት ሲሆኑ ነው። አንዱን ጽሑፍ ስም ቀይሮ ለሦስቱም ይልካል። እነሱ ደግሞ አንድ ቢሮ ናቸው፤ ይተያያሉ። ለእያንዳንዳቸው የጠየቁትን አንስቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር መለወጥ ይበቃል። የአንዳቸው ኢሜይል ከሌለ ቀጠሮ ያስያዘውን ሰው መጠየቅ ነውር አይደለም። ስም አጻጻፍም ወጥመድ አለው። እኛ «ወይዘሮ» ብለን የራሷን ስም እንጠራለን፤ እዚያ ማዕረግ የሚቀድመው የቤተሰብ ስም ላይ ነው። ጠያቂዋ ራሷ በመጀመሪያ ስሟ ከተዋወቀች ግን ያለ ማዕረግ በዚያው መጥራት ይቻላል።

ደብዳቤው የማይሠራበትም ቦታ አለ። ጠያቂዎች ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርበው እዚያው ነጥብ በሚሞሉበት ቃለ መጠይቅ፣ ማታ የሚደርስ ኢሜይል ነጥቡን ላይቀይረው ይችላል። አገር ቤትም የጽሑፍ ፈተናና የኮሚቴ ነጥብ ተደምሮ በሚወሰንበት መሥሪያ ቤት፣ ለአንድ የኮሚቴ አባል ለብቻ መጻፍ እንደ ማግባባት ሊታይ ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ለሰው ኃይል ክፍሉ አጭር ምስጋና ልኮ መተው ይሻላል።

መልስ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ዝም ማለታቸው ልጅቷን ጥለዋታል ማለት አይደለም። ቀጣዩ መልእክት የሚላከው «እናሳውቅሻለን» ያሉት ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን የት እንደደረሰ ይጠይቃል እንጂ ኦዲቱን እንደገና አያነሳም።