ከቨር ሌተር ምንድን ነው? የሎጂስቲክስ ምሩቅ ለመጋዘን ሱፐርቫይዘርነት ሲያመለክት

“ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ።” እንዲህ የሚጀምር ማመልከቻ ብዙዎቻችን ጽፈናል፤ ካልጻፍንም ለታናሽ ወንድም ወይም ለጎረቤት ልጅ ጽፈንለታል። ከታች የሚከተለውም የታወቀ ነው፦ በዚህ ዓመት ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄያለሁ፣ ሥራ አላገኘሁም፣ ቤተሰቤን መርዳት እፈልጋለሁ፣ መሥሪያ ቤቱ እንዲተባበረኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ይህ ማመልከቻ ነው፣ የራሱ ቦታም አለው። ከቨር ሌተር ግን ሌላ ነው። ማመልከቻ የጠያቂውን ችግር ይናገራል፤ ከቨር ሌተር የሚናገረው ስለ ቀጣሪው ችግር ነው።

በአጭሩ ከቨር ሌተር ከሲቪ ጋር አብሮ የሚላክ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤ ነው። ሲቪው የት እንደተማርክና ምን እንደሠራህ ይዘረዝራል። ደብዳቤው ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አንዱን ወይም ሁለቱን ነገር አውጥቶ፣ ለዚህ ክፍት የሥራ ቦታ ለምን እንደሚጠቅም ያስረዳል። ሲቪውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሶ የሚጽፍ ደብዳቤ ለአንባቢው አዲስ ነገር አይጨምርለትም።

እንግዲህ የቀጣሪው ችግር ምንድን ነው? የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ሥራ ከሩቅ ሲታይ ሰው ማዘዝ ይመስላል። ቀርቦ ለሚያየው ግን ቀኑን ሙሉ የሚያሳድደው አንድ ጥያቄ ነው፦ ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ እኩል ናቸው ወይ? ዕቃ ሲገባ በመረከቢያ ሰነድ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 በሚለው፣ ይገባል። ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። ሁለቱም ቢን ካርድ በሚባለው፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚመዘገብበት ካርድ ላይ መስፈር አለባቸው። በመካከል ስቶር ኪፐር አለ፣ ፎርክሊፍት ነጂ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ መኪናውን አስነስቶ የሚቸኩል ሾፌር አለ። ቁጥሩ የሚዛባው በእነዚህ ሰዎች መካከል ነው፤ ሱፐርቫይዘር የሚቀጠረውም ለዚያ ነው።

አዲስ ምሩቅ እዚህ ላይ ይፈራል። ማስታወቂያው ልምድ ይጠይቃል፣ እሱ ያለው የኢንተርንሺፕ ጥቂት ሳምንታት ነው። ፍርሃቱን ለመሸፈን “ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችልና ጫናን የምቋቋም” ብሎ ይጽፋል። እኔ ለመጋዘን ሠራተኛ ሲቀጠር ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዱ ነበርኩ፤ እነዚህን ቃላት ያላየሁበትን ደብዳቤ ማስታወስ ይከብደኛል። ከጥቂቶቹ ሳምንታት ውስጥ ግን አንድ ቀን በደንብ ቢነገር ከእነዚህ ሁሉ ይሻል ነበር።

ለምሳሌ ቃሊቲ አካባቢ ባለ የዘይትና የሳሙና ማከፋፈያ መጋዘን ኢንተርንሺፕ የሠራች ተመራቂ እናስብ። የደብዳቤዋ ዋና አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“በኢንተርንሺፕ ቆይታዬ የአንድ ዓይነት ሳሙና ቆጠራ ላይ ተሳትፌ ነበር። ቢን ካርዱ 1,240 ካርቶን ሲል በአካል የቆጠርነው 1,188 ነበር። የጎደለውን 52 ካርቶን ለማግኘት የወጪ ሰነዶቹን ተከታታይ ቁጥር ከካርዱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። 40ው ካርቶን አመሻሽ ላይ በሰነድ ቢወጣም ካርዱ ላይ አልሰፈረም። 12ቱ ውሃ ነክቷቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ነገር ግን የብልሽት መዝገብ አልተያዘላቸውም። ውጤቱን ለስቶር ኪፐሩ አቀረብኩ፤ ካርዱንም እሱ ፈርሞ አስተካከለው። ከዚያ በኋላ መኪናው ከመውጣቱ በፊት ካርዱ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረብኩ፤ በቀሩኝ ሁለት ሳምንታት በዚያ ዕቃ ላይ ልዩነት አላገኘንም።”

ይህ አንቀጽ ምን እንደሠራ እንይ። ቁጥሩ ይገጣጠማል፦ 40 እና 12 ሲደመሩ 52 ይሆናሉ። የመጋዘን ሰው ይህን ሳያሰላ አያልፍም፣ ድምሩ ካልመጣ ደብዳቤውን እዚያው ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ፣ ጉድለቱን ሌብነት ብላ አልቸኮለችም፤ ያልተመዘገበ ወጪና ያልተመዘገበ ብልሽት መጀመሪያ የሚፈተሹ ነገሮች መሆናቸውን ታውቃለች። ሦስተኛ፣ ግሶቹን ተመልከት። “አመሳከርኩ”፣ “አቀረብኩ” ትላለች፣ ካርዱን ያስተካከለው ግን ስቶር ኪፐሩ ነው። “መጋዘኑን አስተዳደርኩ” ብትል ኖሮ ቃለ መጠይቁ ላይ “ካርዱን ማን ፈረመ?” የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃት ነበር። “ሁለት ሳምንታት” ማለቷም ጠቅሟታል፣ በአጭር ጊዜ ያየችውን ቋሚ ውጤት አድርጋ አላቀረበችም።

ሰው የመምራት ልምድስ? “የክፍል አለቃ ነበርኩ” ብዙ አያስኬድም። አንድ ጠዋት አራት ቀን ሠራተኞች ይዛ የጭነት መኪና አራግፋ ከሆነ፣ ስንት ፓሌት እንደወረደና የተቀደደው ካርቶን የት እንደተለየ ጽፋ ታሳይ። ያንንም ካልሠራች “በቀጥታ ሠራተኛ መርቼ አላውቅም” ብላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ትችላለች። ቀጣሪው ሲቪውን ስለሚያይ መደበቁ አይሳካም፤ ጉዳዩን ራሷ ስታነሳው ግን ቢያንስ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ መረዳቷ ይታያል።

ደብዳቤው ለአንድ መጋዘን የተጻፈ መሆን አለበት። ይህችው ልጅ ለመድኃኒት አከፋፋይ ብታመለክት የምታነሳው የማብቂያ ቀንን ነው፦ እዚያ ደንቡ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ ነው እንጂ ቀድሞ የገባው አይደለም። ትናንት የገባው ካርቶን ከወር በፊት ከገባው ቀድሞ ጊዜው ሊያልፍ ይችላልና። ለሲሚንቶ መጋዘን ከሆነ ደግሞ ወሬው ስለ እርጥበት ነው፤ ከረጢቱ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ መደርደሩና አሮጌው ከኋላ ተቀብሮ አለመቅረቱ። የ52ቱ ካርቶን ታሪክ በሁለቱም ደብዳቤዎች ሊኖር ይችላል፣ የሚለወጠው ከፊቱና ከኋላው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ስሕተት ታሪኩን ቀድቶ የቀድሞውን ድርጅት ስም ሳያጠፉ መላክ ነው። እኛ ጋ የሌላ ኩባንያ ስም ይዞ የመጣ ደብዳቤ አንብቤአለሁ፣ ጸሐፊው ግን “ለዝርዝር ጉዳይ ጠንቃቃ ነኝ” ይል ነበር።

ቅርጹ ብዙ አያስጨንቅም። ማስታወቂያው የወጣበት ቋንቋ የደብዳቤው ቋንቋ ነው። ላይ የሥራ መደቡ ስምና የማስታወቂያው ቁጥር ካለ እሱ ይሰፍራል፤ ከሦስት እስከ አራት አንቀጽ ይበቃል። የመጨረሻው አንቀጽ ተግባራዊ ይሁን፦ መቼ ሥራ መጀመር እንደምትችል፣ በፈረቃና በቅዳሜ መሥራት ትችል እንደሆነ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ለሚደረገው ቆጠራ ማምሸት ይቻላት እንደሆነ። ኢንተርንሺፕ የሠራችበት መጋዘን ኃላፊ ምስክር እንዲሆናት ቀድማ ጠይቃው ከሆነም እዚሁ ትጥቀሰው። ሳትጠይቀው ከጠቀሰችው ግን ሰውየው ስልክ ሲደወልለት “የትኛዋ?” ማለቱ አይቀርም።