ባለ እርከንና የተገለበጠ የገጽ ሰንጠረዥ፣ ከቲኤልቢ ሽፋን ስሌት ጋር

ፕሮግራም የሚያውቀው ቨርቹዋል አድራሻን ብቻ ነው። ይህ አድራሻ ገጽ በሚባሉ እኩል ቁራጮች ይከፈላል፤ ራሙም ገጽ በሚያህሉ ፍሬሞች ይከፈላል። መረጃው በራም ላይ የትኛው ፍሬም ውስጥ እንዳለ የሚናገረው የገጽ ሰንጠረዥ ነው። በየንባቡ ሰንጠረዡን ማሰስ ስለሚያዘገይ ፕሮሰሰሩ በቅርቡ ያገኛቸውን መልሶች ቲኤልቢ በሚባል ትንሽ ማስታወሻ ይይዛል። የባለ እርከኑና የተገለበጠው ሰንጠረዥ ልዩነት የሚሰማው መልሱ ቲኤልቢ ውስጥ ሲታጣ፣ ማለትም የቲኤልቢ ስህተት ሲፈጠር ነው።

x86-64 የሚሠራው በባለ እርከኑ ነው። ባለ 48 ቢቱ አድራሻ ሲከፈል የታችኛው 12 ቢት በ4 ኪሎባይት ገጽ ውስጥ ያለውን ቦታ ያመለክታል፤ ቀሪው 36 ቢት ዘጠኝ ዘጠኝ እየሆነ ለአራት እርከን ይዳረሳል። በዘጠኝ ቢት 512 መስመር ይመረጣል፣ እያንዳንዱ መስመር 8 ባይት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሰንጠረዥ ልክ አንድ ገጽ ይሞላል። ያለ እርከን በአንድ ወጥ ሰንጠረዥ ቢሠራ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ 512 ጊጋባይት ያስፈልግ ነበር። በእርከን ሲሆን ግን ያልተነካው የአድራሻ ክልል ቅርንጫፍ ጨርሶ አይፈጠርም፤ ለትንሽ ፕሮሰስ ጥቂት ገጾች ይበቃሉ። ዋጋው የሚከፈለው በፍለጋው ላይ ነው፦ እስከ አራት ንባብ፣ ያውም ተራ በተራ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ሰንጠረዥ የት እንዳለ የሚታወቀው ያለፈው ሲነበብ ነው።

የተገለበጠው ሰንጠረዥ ጥያቄውን ያዞረዋል። «ይህ ገጽ የት ነው?» በማለት ፋንታ «ይህን ፍሬም የያዘው ማን ነው?» ብሎ ይመዘግባል። መስመሩ በፍሬም ቁጥር ልክ ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም በ4 ኪሎባይት ሲከፈል 4,194,304 ፍሬም ይሆናል፣ መስመሩ 16 ባይት ቢሆን ጠቅላላው 64 ሜጋባይት ነው። ፕሮሰሱ አሥር ሆነ ሺህ መጠኑ አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የአይቢኤም አርቲ ፒሲ ይህን መንገድ ተከትሏል፤ ፓወርፒሲም በሐሽ የሚፈለግ ዘመዱን ይዞ ቆይቷል።

ችግሩ ፍሬምን በቨርቹዋል አድራሻ መፈለግ ነው። የፕሮሰሱ መለያና የገጹ ቁጥር በሐሽ ተቀይረው ቦታ ይጠቁማሉ፤ ሁለት ገጾች አንድ ቦታ ላይ ከተጋጩ ተጨማሪ ፍለጋ ይመጣል። ሁለት ፕሮሰሶች አንድ ፍሬም ሲጋሩም አንድ መስመር ለሁለት ስም አይበቃም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰንጠረዡ ራም ላይ ያለውን ብቻ ማወቁ ይመስለኛል፦ ወደ ዲስክ የወጣውን ገጽ የሚያስታውስ ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል። ሊኑክስ በፓወርፒሲ ላይ ባለ እርከኑን ሰንጠረዥ ይዞ፣ ሐሹን እንደ ማስታወሻ ብቻ ሲጠቀም ስለኖረ ተቆጠበ የተባለው ሜሞሪ ተመልሶ ወጥቷል። ፓወር9 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ባለ እርከኑን በሃርድዌር ጨመረ።

ወደ ሽፋኑ እንምጣ። የቲኤልቢ ሽፋን ማለት ቲኤልቢ ሳይሳሳት በአንድ ጊዜ የሚደርስበት የሜሞሪ ስፋት ነው፤ ስሌቱም የመስመሮቹ ብዛት በገጹ መጠን ሲባዛ ነው። የኢንቴል ስካይሌክን ብንወስድ፣ የመጀመሪያው የዳታ ቲኤልቢ ለ4 ኪሎባይት ገጽ 64 መስመር ስላለው ሽፋኑ 256 ኪሎባይት ነው። ሁለተኛው 1536 መስመር አለው፤ 6 ሜጋባይት ይሸፍናል። ገጹ 2 ሜጋባይት ሲሆን ሁለተኛው 3 ጊጋባይት ይደርሳል። ለመጀመሪያው ግን 64ን በ2 ሜጋባይት ማባዛት ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ስህተት ነው፤ ለትልቅ ገጽ ያለው ሌላ 32 መስመር ስለሆነ መልሱ 64 ሜጋባይት ነው።

አሁን ቁጥሩን በሥራ ላይ እንየው። 8192 በ8192 የሆነ፣ ባለ 8 ባይት ቁጥሮች የያዘ ማትሪክስ 512 ሜጋባይት ነው፤ አንዱ ረድፍ 64 ኪሎባይት፣ ማለትም 16 ገጽ ይወስዳል። ወደ ጎን በረድፍ ሲነበብ አንድ ገጽ 512 ቁጥር ስለሚይዝ ስህተቱ 131,072 ገደማ ነው። ወደ ታች በዓምድ ሲነበብ ግን እያንዳንዱ እርምጃ አዲስ ገጽ ነው፤ አንድ ዓምድ 8192 ገጽ ይነካል፣ ቲኤልቢው የሚይዘው 1536 ነው። ወደ ሁለተኛው ዓምድ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ወጥተው ይጠብቁታል፤ ስህተቱ ወደ 67 ሚሊዮን ይጠጋል።

ገጹ 2 ሜጋባይት ቢሆን ያው ማትሪክስ 256 ገጽ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ቲኤልቢ አይችለውም፣ ሁለተኛው ግን በምቾት ይይዘዋል። ባለ እርከኑ ሰንጠረዥ እዚህ ላይ ያተርፋል፦ ትልቅ ገጽ ማለት ፍለጋው ከሦስተኛው እርከን አለማለፉ ስለሆነ 1 ሜጋባይት ይወስዱ የነበሩት 256 የታችኛው እርከን ሰንጠረዦችም ይቀራሉ። በሐሽ ለሚፈለገው ግን የገጹ መጠን ሳይታወቅ የገጹ ቁጥር አይታወቅም፤ የተለያየ መጠን ሲቀላቀል ፈላጊው ወይ ይደጋግማል፣ ወይ መጠኑን አስቀድሞ የሚነግረው ይሻል።

ሽፋኑ ጣሪያ ነው፤ መስመሮቹ በቡድን የተከፈሉ በመሆናቸው ብዙ ገጾች አንድ ቡድን ላይ ከወደቁ ሳይሞላ ስህተት ይጀምራል። ለማየት ይህ ይበቃል፦

```
perf stat -e dTLB-load-misses ./matrix
grep AnonHugePages /proc/meminfo
```

ሁለተኛው ትእዛዝ ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ ይሰጥ። ቁጥሩ ከ512 ሜጋባይት በጣም ካነሰ ማትሪክሱ የተቀመጠው በትንንሽ ገጾች ነው፤ ሽፋኑም 3 ጊጋባይት ሳይሆን 6 ሜጋባይት ነው።