አቴኖሎል ለምን ወደ ኋላ ተገፋ? በሰባት ቀን ሱባኤስ ምን ይፈጠራል?

ጎጃም ውስጥ ለዓመታት ግፊት አለብኝ የሚል ሰው ቦርሳ ቢፈተሽ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚል ማሸጊያ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱም ቤታ ብሎከር የሚባለው የመድኃኒት ወገን ናቸው። ዛሬ አዲስ ግፊት የተገኘበት ሰው ግን ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ቢታከም፣ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚሰጠው አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ኢናላፕሪል ነው። «የእኔ አርጅቷል ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ታካሚ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ አንዳንዱ መልሱን ሳይጠብቅ ክኒኑን መጣሉ ነው።

ቤታ ብሎከር የሚሠራው አድሬናሊንን በመከልከል ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲቆጣ ወይም ዳገት ሲወጣ አድሬናሊን ልብ ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ይገናኝና ልብ ትፈጥናለች። መድኃኒቱ እነዚህን ተቀባዮች ቀድሞ ይይዛቸዋል። ልብ ረጋ ትላለች፣ ግፊቱም ይወርዳል። ፕሮፕራኖሎልን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ሲሆን፣ በ1988 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ከተጠቀሱለት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር።

ታዲያ ምን ተገኘበት? ክንድ ላይ የሚለካው ቁጥር ይወርዳል፤ ስትሮክን የመከላከል አቅሙ ግን ከሌሎቹ ያንሳል። በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ 106 ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ቤታ ብሎከር የወሰዱት በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ሌላ የግፊት መድኃኒት ከወሰዱት በ16 በመቶ ይበልጥ ነበር። በብዙዎቹ ጥናቶች የተሰጠው አቴኖሎል ነው። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ መድኃኒቱን ከመጀመሪያ ምርጫነት አወረደችው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያም በመጀመሪያ ምርጫዎቹ ውስጥ አላካተተውም። በዚህ ሁሉም አይስማማም፤ የአውሮፓ የግፊት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ከዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች ተራ አስቀምጦታል።

አንዱ ምክንያት በቀላሉ ይገባል። ልብ ቀስ ብላ ስትመታ በእያንዳንዱ ምት የምትገፋው ደም ይበዛል። ከደም ሥሮቹ ዳር ደርሶ የሚመለሰው የግፊት ማዕበልም ልብ ገና እየገፋች ሳለ ይደርስባታል። ስለዚህ ክንድ ላይ ግፊቱ የወረደ ይመስላል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ግን የዚያን ያህል አልወረደም። ሌላም አለ። መድኃኒቱ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልን በመጠኑ ይጨምራል። አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቁትን መንቀጥቀጥና የልብ ምት ይደብቅበታል፤ ላቡ ብቻ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ከግፊት በቀር ሌላ ችግር የሌለበትን ሰው ነው። የልብ ድካም ላለበት፣ በልብ ድንገተኛ ሕመም ለተያዘ፣ የልብ ምቱ ለተዛባ ወይም በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በሩ ለጠበበ ሰው ቤታ ብሎከር ዛሬም ዋና መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እንቅርቱ ሆርሞን አብዝቶ ልቧን ለሚያስሮጣት ሴትም ፕሮፕራኖሎል ይታዘዛል። ስለዚህ «የጎረቤቴ ተቀየረላት» ብሎ የራስን ማቆም አይሠራም።

አሁን ወደ አደገኛው ነገር እንምጣ። ተቀባዮቹ ለወራት ሲታፈኑ ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ተጨማሪ ተቀባዮችን ይሠራል። መድኃኒቱ እየተወሰደ እስካለ ድረስ ይህ አይታወቅም። በድንገት ሲቋረጥ ግን ያ ሁሉ ተቀባይ ባዶ ሆኖ አድሬናሊንን ይጠብቃል። ትንሽ ድንጋጤ እንደ ትልቅ ይሆናል። አቴኖሎል ከሰውነት የሚወጣው በአንድ ሁለት ቀን ነው፤ የበዙት ተቀባዮች ግን እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ። ክፉው ጊዜ በአብዛኛው ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ያለው ነው። ይህ ደግሞ ከሰባት ቀን ሱባኤ ጋር ይገጥማል።

በምሳሌ እንየው። የ58 ዓመት የፍኖተ ሰላም ሰው ናቸው። ስድስት ዓመት በቀን 50 ሚሊግራም አቴኖሎል ወስደዋል። ግፊታቸው 136/84፣ የልብ ምታቸው 58 ነው። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ፣ ጠበል ለመጠመቅ ሲነሡ ክኒኑን ቤት ትተውት ሄዱ። ጠበልና መድኃኒት አይደባለቅም ብለው ነው። መጀመሪያ ደስ አላቸው። ድካሙ ቀለል አለ፣ ቀዝቅዞ የኖረው እጃቸው ሞቀ። እነዚህ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳቶች ነበሩ፤ እሳቸው ግን ተፈወስኩ አሉ። በሦስተኛው ቀን ልባቸው ይደልቅ ጀመር። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ አላባቸው፣ ራሳቸውን አመማቸው። ለጠበልተኛ መንቀጥቀጥ ሌላ ትርጉም አለውና ማንም አልደነገጠም። በዚያ ደጋ ንጋት ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃም በራሱ አድሬናሊንን ይቀሰቅሳል። በአምስተኛው ቀን ዳገቱን ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ግፊታቸው 192/112፣ ምታቸው 118 ነበር።

እዚህ ጋ ነገሩን የሚለየው የልብ ምቱ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ 118 አይመታም። ሰዓት ይዞ የእጅ አንጓ ላይ አንድ ደቂቃ መቁጠር ይበቃል። ደረት ከጨመደደ ግን መቁጠርም አያስፈልግም፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንዳቋረጡ ነውና ማሸጊያውን ይዞ መሄድ ይረዳዋል። ለጠፋው ቀን ብሎ ሁለት ሦስት ክኒን መደረብ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ልብን ከልክ በላይ ያዘገያል።

ለነገሩ ጠበል ክኒን ጣሉ አላለም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ደግሞስ የሚያቋርጠው ጠበልተኛ ብቻ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ፣ ፋርማሲው «አልቋል» ሲል፣ ሁዳዴ ሲገባም ይቋረጣል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ሐኪም ካወቀው ማታ ከጾም ምግብ ጋር ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱ በየቀኑ ካልተለዋወጠ።

የእኚህ ሰው ልብ ተመርምሮ ሌላ ችግር ካልተገኘበት መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል፤ የሚቀየረው ግን በደረጃ ነው። አቴኖሎሉ ይመለስና አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ይጨመርበታል። ግፊቱ ሲረጋ 50ው ወደ 25 ይወርዳል፤ ክኒኑ መሐሉ ላይ መስመር ካለው ለሁለት ይከፈላል። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ምቱ ካልፈጠነ እንደገና ይቀነሳል፣ ከዚያ ይቆማል። በእነዚህ ሳምንታት ከባድ ሸክምና አጨዳ ይቅር ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን በመዝለል ነው። ይህ መቀነስ አይደለም፣ በየሁለት ቀኑ በድንገት ማቆም ነው።

አዲሱ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። «እግሬ አበጠ» ብሎ የሚያቆመውም ብዙ ነው። ማቆሙ ግፊቱን ቀስ በቀስ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ልብ የሚያስደልቅ አጸፋ ግን የለውም፤ አምሎዲፒን ከሰውነት ተጠርጎ እስኪወጣ ሳምንት ያህል ይወስድበታል።